ፍላሽ ሲበራ ነጭ የሚያበራ ዓይን

ብራያን ሾው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ወላጆች ሁሉ እንደሚያደርጉት እሱና ባለቤቱም ሕፃኑን ሲተኛም ሲነቃም፣ ሲታጠብም ሲስቅም ፎቶ ያነሱት ነበር። ጥቂት ወራት ሲቆጠሩ እናቲቱ በአንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይ ያልተለመደ ነገር አስተዋለች። ፍላሹ ሲበራ የልጁ ዓይን መሃል እንደ ሌሎቹ ሰዎች ቀይ አይሆንም፤ ነጭ ሆኖ ያበራል። ነገሩን ለሐኪም አነሱት። ሐኪሙ በብርሃን አየው፣ ወደ ዓይን ስፔሻሊስት ላከው፤ ገና አራት ወር ገደማ የሆነው ሕፃን በሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል ካንሰር ተገኘበት። ኬሞቴራፒና ጨረር ተሰጠው። ቀኝ ዓይኑን ማዳን ስላልተቻለ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ግራው ተረፈለት።

ሾው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ለብዙ ወላጆች የሚጠቅመው። ቤተሰቡ ያነሳቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ መረመራቸው። ነጩ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ልጁ በተወለደ በ12ኛው ቀን በተነሳ ፎቶ ላይ ነበር። ምልክቱ ከምርመራው ወራት ቀደም ብሎ ቤታቸው ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ መጽሔት አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የዓይን ሕመም የተገኘባቸውን 20 ልጆች የቤተሰብ ፎቶ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በ16ቱ ላይ ነጩ ብርሃን ሐኪም በሽታውን ከማወቁ በፊት በፎቶ ላይ ይታይ እንደነበር ደረሱበት። በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር።

ይህን ለመረዳት ካሜራው ምን እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። በዓይናችን መሃል ያለው ጥቁር ክብ በእርግጥ ጥቁር ነገር አይደለም፤ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ጥቁር የሚመስለን ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ነው። ክፍሉ ደብዘዝ ሲል ቀዳዳው ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ፍላሽ ድንገት ሲበራ ብርሃኑ በሰፋው ቀዳዳ ገብቶ የዓይኑ ጀርባ ድረስ ይደርሳል። እዚያ ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን አለ፤ ከሬቲናው ጀርባ ደግሞ በደም ሥር የተሞላ ንጣፍ ተዘርግቷል። ብርሃኑ ከዚያ ደም አዘል ንጣፍ ላይ ነጥሮ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። ፍላሹ ከካሜራው ሌንስ አጠገብ ስለተገጠመ፣ የሚመለሰው ብርሃን ቀጥታ ካሜራው ውስጥ ይገባል። በሠርግና በልደት ፎቶዎች ላይ የምናውቀው ቀይ ዓይን ይኸው ነው። ፎቶውን ቢያበላሽም ጥሩ ዜና ይዟል፤ ከዓይኑ ፊት እስከ ጀርባው ድረስ የብርሃኑ መንገድ ክፍት መሆኑን ያሳያል።

በመንገዱ ላይ ነጭ ነገር ከተጋረጠ ግን ቀዩ አይመለስም። ሬቲኖብላስቶማ የሚነሳው ከሬቲናው ሕዋሳት ነው። እብጠቱ ነጣ ያለ ሲሆን ብዙ ጊዜ በውስጡ የኖራ ፍርፋሪ የመሰለ ካልሲየም ይጠራቀማል። ፍላሹ እዚያ ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ ወደ ደም ሥሮቹ ሳይደርስ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ወደ ቢጫ ያደላል።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ልጇን አቅፋ የምትውል እናት ያላየችውን ካሜራ እንዴት አየው? አንደኛው ምክንያት ፀሐይ ወይም መብራት ባለበት ቦታ የልጁ ዓይን ቀዳዳ ጠባብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳስታል፤ እሱም አቅጣጫ ነው። ገርበብ ባለ በር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ የሚያየው በአንድ በተወሰነ ቦታ ሲቆም ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ በሬቲናው ጥግ ላይ ያለ ትንሽ እብጠትም የሚታየው ልጁ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲመለከት ብቻ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ሲያይ ዓይኑ ቀይ ነው፤ ወደ ታላቅ እህቱ ዞር ሲል ነጭ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ እንደገና ቀይ ነው። እብጠቱ እያደገ ሲሄድ ከብዙ አቅጣጫ መታየት ይጀምራል። ያለ ካሜራ፣ በቤት ውስጥ ብርሃን፣ በማንም ዓይን በግልጽ ሲታይ ብዙውን ጊዜ እብጠቱ የዓይኑን ሰፊ ክፍል ይዟል።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ነጭ ሆኖ ሌሎቹ ሁሉ ደህና ሲመስሉ «የካሜራው ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሌሎቹ ፎቶዎች ግን አንዱን አይሽሩትም።

እውነት ነው፣ ነጭ ብርሃን ሁልጊዜ በሽታ ማለት አይደለም። የዓይን ነርቭ ከዓይኑ ጀርባ በሚወጣበት ቦታ ላይ ክብ፣ ነጣ ያለ ነጥብ በእያንዳንዳችን ዓይን ውስጥ አለ። ይህ ነጥብ የሚገኘው ከማያችን ማዕከል ወደ አፍንጫ በኩል 15 ዲግሪ ገደማ ራቅ ብሎ ነው። ልጁ ካሜራውን ቀጥታ ሳያይ ወደ ጎን ሲመለከትና ወደ አፍንጫው የዞረው ዓይን ልክ በዚያ ማዕዘን ላይ ሲውል፣ ፍላሹ ነርቩ ላይ ያርፍና ፍጹም ጤነኛ የሆነ ዓይን ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ወደ ጎን ባየ ልጅ ፎቶ ላይ የተገኘ ነጭ ዓይን በምርመራ ደህና ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህን ለይቶ የሚናገረው ግን የዓይን ሐኪም ነው፤ ምክንያቱም በሬቲናው ጥግ ያለ እብጠትም የሚታየው ልጁ ወደ ጎን ሲያይ ሊሆን ይችላል። ከፎቶው ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ከካንሰሩ ሌላ ነጭ ብርሃን የሚያመጡ ሕመሞችም አሉ። በብዛት የሚታወቀው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ የአዛውንት በሽታ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ቢሆንም ሕፃን ከሞራ ጋር ይወለዳል። እዚህ ላይ ሰዓቱ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። የሕፃን አእምሮ ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ከዓይን በሚደርሰው ምስል ነው። አንዱ ዓይን በሞራ ተጋርዶ ምስል ካልላከ አእምሮው ያንን ዓይን ይተወዋል። በዚህ ምክንያት በአንድ ዓይን ላይ ሙሉ በሙሉ የጋረደ ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ቀዶ ሕክምናውን በስድስት ሳምንት ዕድሜው አካባቢ ቢያገኝ ይመረጣል። ሞራው ከዓመታት በኋላ ቢወጣ ዓይኑ ንጹሕ ይሆናል፤ ማየት ግን ላይመለስ ይችላል። ኮትስ የሚባለው የሬቲና ደም ሥር መፍሰስ፣ ያለ ቀኑ የተወለዱ ሕፃናትን የሚያጠቃው የሬቲና ጉዳትና ሌሎችም በተመሳሳይ ነጭ መልክ ይመጣሉ። ሕክምናቸው የተለያየ ቢሆንም መጠበቅ የሚጠቅመው አንዳቸውንም አይደለም።

አጣዳፊ የሚያደርገው ግን ካንሰሩ ነው። ሬቲኖብላስቶማ ከ15,000 እስከ 20,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይከሰታል። ይህ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት እንደሚወለዱ ሲታሰብ ግን በዓመት ከ150 የማያንሱ ልጆች ይህ በሽታ ይይዛቸዋል ማለት ነው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው።

በሽታው በዓይን ውስጥ እስካለ ድረስ ከሚድኑ የልጅነት ካንሰሮች መካከል አንዱ ነው። በበለጸጉት አገሮች ከ100 ታማሚ ልጆች ከ95 በላይ የሚሆኑት በሕይወት ይተርፋሉ። ከዓይን የሚወጣበት ዋናው በር የዓይን ነርቭ ነው፤ ነርቩ ደግሞ ቀጥታ ወደ አንጎል ያመራል። እብጠቱ ነርቩን ተከትሎ ከሄደ፣ ወይም የዓይኑን ግድግዳ አልፎ ወደ ዙሪያው ሥጋ፣ ወደ አጥንትና ወደ መቅኔ ከተሠራጨ፣ ሕክምናው እጅግ ከባድ፣ ተስፋውም እጅግ የመነመነ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በ153 አገሮች በሽታው የተገኘባቸውን 4,351 ልጆች ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በሀብታም አገሮች ልጆቹ የተመረመሩት በመካከለኛ ስሌት በ14 ወር ዕድሜያቸው ነበር፤ በድሃ አገሮች ደግሞ ከ30 ወር በኋላ። በሀብታሞቹ አገሮች ካንሰሩ በምርመራው ቀን ከዓይን ውጭ የተገኘባቸው ከ100 ልጆች ሁለት እንኳ አይሞሉም። በድሃዎቹ ግማሽ ያህል ናቸው። በሽታው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት ያለፉት ወራት ናቸው። በዚሁ ጥናት ቤተሰብን ወደ ሐኪም ያመጣው ቀዳሚ ምልክት ከ60 በመቶ በላይ በሆኑት ልጆች ላይ ይኸው ነጭ ብርሃን ነበር። ቀጥሎ የመጣው የዓይን መንሸዋረር ነው፤ እብጠቱ የማያውን ማዕከል ሲይዝ ዓይኑ ትኩረቱን ያጣና ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

እነዚያ ወራት የት ይሄዳሉ? ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ልጁ ደህና ስለሚመስል ነው። አያመውም፣ አያለቅስም፣ ይጠባል፣ ይድሃል፣ ይጫወታል። አንዱ ዓይኑ ባያይ እንኳ በሌላው ሁሉን ነገር ስለሚያደርግ ማንም አይጠረጥርም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ «አንዱ ዓይኔ አያይም» ሊል አይችልም። ዘመድ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ቤተሰቡ ዓይን ነክቶት ይሆናል ብሎ ይሰጋል፤ ወደ ጠበል ይዞት ይሄዳል። እምነትና ጸሎት የቤተሰብ ኃይል ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ጠበሉ ከሕክምናው ጎን ለጎን ሲሆን ልጁ ሁለቱንም ያገኛል፤ ጠበሉ አልቆ ሕክምናው እስኪጀመር ሲጠበቅ ግን እብጠቱ አይጠብቅም። በአገራችን ያሉ የዓይን ሐኪሞች ዓይኑ ወደ ውጭ ገፍቶ፣ ቆቡ አብጦ የሚመጣ ልጅ ማየት ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ያ ደረጃ ላይ የደረሰ ልጅ አንድ ጊዜ፣ ምናልባት ከአንድ ዓመት በፊት፣ በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነጭ ዓይን የነበረው ልጅ ነው።

ሌሎቹ ወራት የሚጠፉት ሕክምና ተቋም ውስጥ ነው። እናት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ባለሙያው በጠራራ ብርሃን፣ በባትሪ ብልጭ አድርጎ ያያል፤ ዓይኑ አልቀላም፣ አልመገለም፤ የዓይን ጠብታ ጽፎ ይሰናበታታል። ይህ የሚሆነው ባለሙያው ክፉ ስለሆነ ወይም ስላልተማረ አይደለም። የውጭውን ዓይን ማየት የውስጡን አያሳይምና ነው። ጠብታ ወይም ቅባት ነጭ ብርሃንን አያድንም፤ ጠብታ ተቀብላ የተመለሰች እናት የዓይን ሐኪም አላየላትም ማለት ነው።

ትክክለኛው የመጀመሪያ ምርመራ ቀላል ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። ባለሙያው ኦፍታልሞስኮፕ የሚባለውን የዓይን መመልከቻ በዓይኑ ላይ ይደግናል፤ ከልጁ ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ብርሃኑን ሁለቱም ዓይኖች ላይ በአንድ ጊዜ ያበራል። የሚፈልገው የሁለቱን ዓይኖች ነጸብራቅ ማወዳደር ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ልጆች መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች የዓይናቸው ጀርባ የበለጠ ቀለም ስለሚይዝ ነጸብራቁ ደማቅ ቀይ ላይሆን ይችላል፤ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ብርቱካንማ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ያ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው ሁለቱ ዓይኖች ሲለያዩ፣ አንዱ ሲነጣ፣ ጥላ ሲያጠላበት ወይም ጭራሽ ምንም ነጸብራቅ ሲያጣ ነው። በእንግሊዝ የሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ያለ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ የዓይን ስፔሻሊስት እንዲያየው ይመክራል። በአሜሪካ ያሉ የሕፃናት ሐኪሞች ነጸብራቁን ከልደት ጀምሮ በየቀጠሮው ያያሉ፤ እዚያ ያሉ ወላጆቻችን ይህ ምርመራ መደረጉን መጠየቅ ይችላሉ።

ፎቶው ራሱ ማስረጃ ነው። ስለዚህ መጥፋት የለበትም። ወደ ሐኪም ሲኬድ ከስልኩ ላይ ዋናውን ፎቶ ማሳየት ይመረጣል፤ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ተልኮ የተመለሰው ቅጂ ጥራቱ ይቀንሳል፤ የተነሳበትም ቀን ይጠፋል። ብዙ ስልኮች ቀይ ዓይንን በራሳቸው የማጥፋት አሠራር አላቸው። አንዳንዶቹ ቀዩን በጥቁር ይቀቡታል፤ አንዳንዶቹ ከዋናው ብልጭታ በፊት አስቀድመው ብርሃን በማብራት የዓይኑን ቀዳዳ ያጠብቡታል። ፊትን የሚያሳምሩ ፊልተሮችም ምልክቱን ይሸፍናሉ። ለማጣራት የሚፈልግ ወላጅ እነዚህን አጥፍቶ፣ ክፍሉን አደብዝዞ፣ ፍላሹን አብርቶ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ፣ ልጁ ቀጥታ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ሲያይ ጥቂት ፎቶ ማንሳት ይችላል። በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ ያለች አክስት የተላከላትን የልደት ፎቶ ስታይ «የዚህ ልጅ አንዱ ዓይን ለምን ነጣ?» ብትል ጥያቄዋ መናቅ የለበትም። ነገር ግን አዲሶቹ ፎቶዎች ሁሉ ቀይ ሆነው ቢወጡ እንኳ የመጀመሪያው ነጭ ፎቶ ምርመራውን አያስቀርም። ቤት ውስጥ የሚነሳ ፎቶ ጥርጣሬን ሊያስነሳ ይችላል፤ ልጁን ነጻ ሊያወጣ አይችልም።

ነጻ ሊያወጣው የሚችለው የዓይን ቀዳዳው በጠብታ ተከፍቶ የሚደረግ ምርመራ ነው። ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ቀዳዳው ይሰፋል። ከዚያ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ በሚታሰር መብራትና በእጁ በሚይዘው ሌንስ ሬቲናውን ከመሃል እስከ ዳር ያያል። ትንሽ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ሊመረመር ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ግን ምርመራው በአጠቃላይ ማደንዘዣ ይደረጋል፤ ምክንያቱም የሬቲናውን ዳርቻ ለማየት ዓይኑን ከውጭ በቀስታ መጫን ያስፈልጋል፣ ይህን ደግሞ የነቃ ልጅ አይችለውም። ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፤ ምልክቱ በአንዱ ብቻ ቢሆንም። በአልትራሳውንድ እብጠቱ ውስጥ ካልሲየም መኖሩ ይታያል፤ ኤምአርአይ ካለ ነርቩና አንጎሉ ይመረመራሉ። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ናሙና ለምን አይወሰድም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሌሎች እብጠቶች በመርፌ ተወስደው ይመረመራሉ፤ ይኼኛው ግን መርፌ በወጣበት ቀዳዳ ካንሰሩ ከዓይን ሊወጣ ስለሚችል ሐኪሞች የሚወስኑት በማየትና በምስል ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ልጅ የሚላከው የዓይን ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል ነው። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፤ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ደግሞ በጥቁር አንበሳ ይሰጣል። ጅማና ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የዓይን ክፍል አላቸው። ሪፈር የሚጽፈው ባለሙያ ወረቀቱ ላይ «የዓይን ሕመም» ብቻ ከሚል «በልጁ ዓይን ላይ ነጭ ነጸብራቅ ታይቷል፤ ሬቲኖብላስቶማ ይጠረጠራል» ብሎ ቢጽፍ፣ ልጁ ለወራት ከሚያስጠብቀው የቀጠሮ ሰልፍ የመውጣት ዕድል ያገኛል። ወላጅም ይህ እንዲጻፍ መጠየቅ መብቱ ነው።

እብጠቱ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ በጨረር ብርሃን ማቃጠል ወይም በቅዝቃዜ መግደል ይቻላል። ከፍ ካለ ኬሞቴራፒ አስቀድሞ ያሳንሰዋል። ዓይኑን ከሞላው ግን ሐኪሞች ዓይኑ እንዲወጣ ይመክራሉ። ይህ ቃል ሲነገር ነው ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ከሆስፒታል የሚጠፋው። ወላጅን መፍረድ አይቻልም፤ ሲስቅና ሲጫወት የሚታይ ልጅን ዓይን አውጡልኝ ብሎ መፈረም ከአንጀት የሚያም ነገር ነው። ሆኖም የዚያ ውሳኔ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በደንብ አይነገርም። የሚወጣው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ማየት ያቆመ ነው፤ ልጁም የሚጫወተው በሌላው እያየ ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ልጁ ተኝቶ ነው። ዓይኑ ከረዘመ የነርቭ ቁራጭ ጋር ይወጣል፤ በቦታው ትንሽ ኳስ ይገባል፤ ዓይኑን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ጡንቻዎች በዙሪያው ይያዛሉ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ከሌላው ዓይን ጋር የሚመሳሰል ሰው ሠራሽ ዓይን ይገጠማል፤ ልጁ ሲያድግም ይቀየራል። የወጣው ዓይን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በተቆረጠው ነርቭ ጫፍ ላይ ካንሰር ከሌለ ለብዙ ልጆች ሕክምናው እዚያ ላይ ያበቃል። ካለ ኬሞቴራፒ ይቀጥላል። ዓይኑን ለማዳን በሚል ተስፋ የሚጠፉት ወራት ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑንም አያድኑም፤ ካንሰሩን ወደ ነርቩ ያስገቡታል።

አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ እሱም የወንድሞችና የእህቶች ነገር ነው። በሽታው የሚነሳው አርቢ1 የሚባል ዘረመል ሲበላሽ ነው። ይህ ዘረመል የሕዋስን መባዛት የሚገታ ነው፤ ከእናትና ከአባት የተገኙት ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲበላሹ ሕዋሱ ያለ ልጓም ይባዛል። አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ክኑድሰን ይህን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1971 የታማሚ ልጆችን መዝገብ እየመረመረ ነበር። ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ያህሉ አንዱን የተበላሸ ቅጂ በመላ ሰውነታቸው ይዘው የተወለዱ ናቸው። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዓይኖች ይታመማሉ፤ ሲያድጉም ለሌሎች ካንሰሮች ስለሚጋለጡ ክትትላቸው ረጅም ነው። ወላጅ መሆን ሲደርሳቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጃቸው የማስተላለፍ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። የተቀሩት በዘር የማይተላለፍ ናቸው። ብዙ ወላጅ «በዘራችን የለም» ይላል፤ ብልሽቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የጀመረ ነው፤ በወላጆች ጥፋት የመጣ አይደለም። የዘር ምርመራ በሌለበት ቦታ የትኛው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ ስለማይቻል፣ አንድ ልጅ በሽታው ሲገኝበት ትናንሽ ወንድሞቹና እህቶቹ ሁሉ ዓይናቸው በጠብታ ተከፍቶ ይታያሉ። በኋላ የሚወለደው ደግሞ ፎቶ ላይ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምርመራ ይቀርባል፤ ሐኪሙ በሚያወጣው ፕሮግራምም ለጥቂት ዓመታት ይመላለሳል።